በሰይፉ አንቀጽ ከ100 በላይ አንቀጾች ተሽረዋል የሚባለው እውነት ነው?

ደረሳው_ከወሎ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞችና እህቶች። ተፍሲር ጀላለይን እየቀራሁ ነው። ሱረቱል ካፊሩን መጨረሻ ላይ «ለእናንተ ሃይማኖታችሁ፣ ለእኔም ሃይማኖቴ» የሚለው ጋ ስንደርስ ኪታቡ «ይህ በጦርነት ከመታዘዙ በፊት ነው» ብሎ በአንዲት አጭር ሐረግ ያልፈዋል። ሌላም ቦታ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ይቅርታ፣ «ተዋቸው» ስለሚለው ሁሉ «በሰይፉ አንቀጽ ተሽሯል» የሚል ቃል ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የሰይፉ አንቀጽ የሚባለው ሱረቱ ተውባ 5ኛው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ያቺ አንቀጽ ብቻዋን ከ100 በላይ አንቀጽ ሽራለች» አለኝ። ማን ቆጥሮ ነው? ነቢዩ ﷺ ራሳቸው እንዲህ ስለማለታቸው ሐዲስ አለ ወይስ የኡለማእ ግምት ነው? ሸይኼን መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን ኪታቡን የተቃወምኩ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ።

ቀጥተኛው

ወዓለይኩሙ ሰላም። ወንድሜ፣ መጠየቅህ ደግ ነው፣ ግን ጠንቀቅ በል። ነስኽ፣ ማለትም አንዱ ሕግ በሌላ መሻሩ፣ በቁርኣን የጸና ነው፣ አል-በቀራ 106ን ተመልከት። ኡማው የተስማማበት ጉዳይ ነው። ከቀደምቶቹ ቁርኣን ውስጥ ነስኽ የለም ያለው አቡ ሙስሊም አል-ኢስፈሃኒ ነው፣ እሱም ከሙዕተዚላ አንጃ ነው። አሁን አሁን ደግሞ «ነስኽ ተጋንኗል፣ አምስት ብቻ ነው» የሚሉት ዘመነኞች ናቸው፤ ፈረንጅን ለማስደሰት የሚጽፉ። ሰለፎች ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ አልነበረም።

የኡሱል_ጎረቤት

ቀጥተኛው ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነህ፣ ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። ቁጥሩን የቀነሱት ዘመነኞች አይደሉም። ኢብኑል ጀውዚ በፈረንጆቹ 1201 ነው የሞቱት፤ የነስኽ ኪታባቸው ቀደም ሲል «ተሽሯል» የተባሉትን አንድ በአንድ እያነሳ አብዛኛውን ይጥላል። ሱዩጢ በ1505 ነው የሞቱት፤ በኢትቃን ኪታባቸው ወደ 20 አወረዱት። እኚህ ሱዩጢ እኮ ጀላለይንን ከጻፉት ሁለቱ ጀላሎች አንዱ ናቸው! ከዚያ የህንዱ ሻህ ወሊዩላህ መጡ፣ በ1762 የሞቱት፤ እነዚያን 20ዎቹን ገምግመው አምስት ላይ አቆሙ። ማንን ለማስደሰት?

ደረሳው፣ ሸይኽህን ብትጠይቅ ነውር የለውም፣ የኪታቡ ባለቤት ራሳቸው የተከራከሩበት ነገር ነው። በሰይፉ አንቀጽ ስለተሻሩት አንቀጾች ቁጥር አንድም ሐዲስ የለም። ቁጥሩ የኡለማእ ቆጠራ ነው፤ አንዱ 114 ይላል፣ ሌላው 124።

ቆጠራው ለምን እንዲህ አበጠ ለሚለው፣ ዋናው ምክንያት የጥንቶቹ አነጋገር ነው። ሶሐቦችና ታቢዒዮች «ተሽሯል» ሲሉ ሁልጊዜ «ሕጉ ጠፋ» ማለታቸው አልነበረም። ሱረቱ ሹዐራእ መጨረሻ ላይ ስለ ገጣሚዎች የሚናገረውን ታስታውሳለህ። ጠማሞች ይከተሏቸዋል ይልና ወዲያው «እነዚያ ያመኑትና መልካም የሠሩት ሲቀሩ» ይላል። ኢብኑ ዓባስ ይህን «ነስኽ» ብለውታል። እንግዲህ ይህ ምን ተሻረ? «ሲቀሩ» የሚል ቃል ገብቶ አንዱን ወገን ለየ እንጂ ስለ ቀሩት ገጣሚዎች የተባለው እንዳለ ነው። ሻጢቢ ሙዋፈቃት ላይ ይህን አብራርተውታል፦ ለቀደምቶቹ ጥቅሉን መለየትም፣ ልቅ የሆነውን መገደብም፣ የተድበሰበሰውን ማብራራትም «ነስኽ» ይባል ነበር። ኋላ የኡሱል፣ ማለትም የሕግ አወጣጥ መርሖዎች፣ ሊቃውንት ቃሉን አጥብበው «ቀደም ያለን የሸሪዓ ሕግ በኋላ በመጣ ማስረጃ ማንሳት» አደረጉት። ችግሩ የመጣው የድሮውን ሪዋያ ወስዶ በአዲሱ ትርጉም የሚቆጥር ሰው ሲነሳ ነው። እያንዳንዱ «ሲቀር» እና እያንዳንዱ «ግን» እንደ ሽረት ተመዘገበ።

ደረሳው_ከወሎ

ጀዛከላህ ኸይር። ግን ያ የገጣሚዎቹን ይመልሳል። የሰይፉ አንቀጽ እኮ «ሲቀሩ» አይልም። እዚያ ላይ እንዴት ነው?

የኡሱል_ጎረቤት

እዚያ ላይ ሌላ ነገር ነው የሆነው። ሂበቱላህ ኢብኑ ሰላማ የሚባሉ የባግዳድ ዐይነ ስውር ሙፈሲር ነበሩ፣ በ1019 የሞቱ። በቆጠራ ከበዙት ናቸው። ሱረቱል ኢንሳን 8 ላይ «ምግብንም ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ ያበላሉ» የሚለው ጋ ሲደርሱ «ምርኮኛ» የምትለዋን ቃል በሰይፉ አንቀጽ ተሽራለች አሉ። ኪታቡ ሲነበብ ሴት ልጃቸው ታዳምጥ ነበር። «አባቴ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አለቻቸው። «እንዴት ልጄ?» ቢሏት፣ «ምርኮኛ ይመገባል እንጂ በረሃብ እንደማይገደል ሙስሊሞች ሁሉ ተስማምተዋል» አለች። «እውነትሽን ነው» አሉ። ታሪኩን ዘርከሺም ሱዩጢም ጽፈውታል። ልጅቷ ያደረገችው ዛሬም ማንኛውም ደረሳ ሊያደርገው የሚችለው ነው፦ ተሽሯል የተባለው ሕግ በተግባር አሁንም ይሠራበታል ወይ ብሎ መጠየቅ።

ዘርከሺ (በ1392 ነው የሞቱት) ስለ ትዕግሥቱ አንቀጾች የሰጡት መልስ ለእኔ ከሁሉም ያረካኛል። እነዚያ አንቀጾች የተሻሩ ሳይሆኑ ከነምክንያታቸው የቆዩ ናቸው ይላሉ። ሙስሊሞች አቅመ ደካማ በነበሩ ጊዜ ታገሡ ተባለ፤ አቅም ሲያገኙ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ድክመቱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ትእዛዝም ይመለሳል። የተሻረ ሕግ ግን አይመለስም፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ደግሞ ራሷን ተውባን ከ5ኛው ብቻ አትቁረጣት። 4ኛው ቃል ኪዳን ያላፈረሱትን ቃላቸውን ሙሉላቸው ይላል። 6ኛው ከአጋሪዎች አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅህ ጠብቀው፣ ከዚያም ደኅንነቱ ወደሚረጋገጥበት ቦታ አድርሰው ይላል። መሐል ያለችው አንቀጽ በሁለቱም በኩል ወሰን ተበጅቶላት እያለ አንስቶ 100 አንቀጽ ላይ መጫን ከባድ ነው።

ተስፋዬ_መ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ክሩን በአጋጣሚ ነው ያየሁት። ገብቶኝ ከሆነ የምታወሩት ቁርኣን ኦሪትንና ወንጌልን ሽሯል ስለሚለው ነው አይደል? እኛም ዘንድ እኮ የኦሪት መሥዋዕት በሐዲስ ኪዳን ስለመፈጸሙ ብዙ ይባላል። ይህን ያህል ለምን እንደሚያከራክር አልገባኝም።

የኡሱል_ጎረቤት

ሰላም ወንድም ተስፋዬ። እዚህ የምናወራው ቁርኣን ውስጥ አንዱ አንቀጽ ሌላውን ሽሯል ስለሚባለው ነው። ያልከው የቀደሙት ሸሪዓዎች ጉዳይ ሌላ ርእስ ነው፣ እሱ ላይ እምብዛም ክርክር የለም። የሚገርመው ግን ቀጥተኛው ከላይ የጠቀሰው አቡ ሙስሊም ያልከው ዓይነት ንባብ ነበረው። በቀራ 106 የሚያወራው ስለ ቀደሙት መጻሕፍት ሕግ ነው እንጂ ስለ ቁርኣን አንቀጾች አይደለም ባይ ነው። ብዙኃኑ አልተቀበሉትም።

ሩቅያ_ጅዳ

ይቅርታ ጣልቃ ስለገባሁ፣ እኔ ደረሳ አይደለሁም። ግን ኑዛዜ የሚል ቃል ነስኽ ውስጥ ሲነሳ ሰምቼ አውቃለሁና የራሴን ልጠይቅ። አባቴ የሞተው አያቴ በሕይወት እያሉ ነው። ባለፈው ዓመት አያቴም ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ሁለት አጎቶች አሉኝ። «ወንድ ልጅ እያለ የልጅ ልጅ አይወርስም፣ ሸሪዓው ነው» ብለው ቤቱንም መሬቱንም ለሁለት ተካፈሉት። እኔና ወንድሜ ባዶ እጃችንን ቀረን። አባቴ ያንን ቤት ከአያቴ ጋር በገዛ እጁ ነው የሠራው። እዚህ የማውቃት አንዲት ግብፃዊት ግን «በኛ አገር ቢሆን ድርሻችሁን በሕግ ታገኙ ነበር፣ ከቁርኣን የመጣ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ቁርኣን ነው የሚሉት። የቱ ነው?

ቀጥተኛው

እህቴ አላህ ይተካሽ። አጎቶችሽ ያሉት በሚራስ፣ በውርስ ሕጉ፣ ልክ ነው፣ አራቱም መዝሀብ ላይ ወንድ ልጅ ካለ የወንድ ልጅ ልጅ ይጋረዳል። የኑዛዜው አንቀጽ (በቀራ 180) ደግሞ ተሽሯል። ነቢዩ ﷺ «አላህ ለእያንዳንዱ ባለመብት መብቱን ሰጥቷል፤ ለወራሽ ኑዛዜ የለም» ብለዋል። አለቀ።

የኡሱል_ጎረቤት

አላለቀም ወንድሜ። እንዲያውም ደረሳው ለጠየቀው ከሁሉም የሚሻለው ምሳሌ ይህ ነው፣ ቀስ ብለን እንየው።

በቀራ 180 የሚለው በጭሩ፦ ሞት የቀረበው ሰው ሀብት ከተወ ለወላጆቹና ለቅርብ ዘመዶቹ በመልካም ሁኔታ ይናዘዝ ዘንድ ግዴታ ነው። ከዚያ ሱረቱ ኒሳእ 11 እና 12 መጡና ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለባልና ለሚስት ድርሻ ወሰኑ። ነስኽ ነው ለማለት መጀመሪያ የትኛው እንደቀደመ መታወቅ አለበት። የሚራሱ አንቀጽ የወረደው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ኡሑድ ላይ ከተሰዉ በኋላ እንደሆነ ከጃቢር ተዘግቧል። ሚስታቸው ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ነቢዩ ﷺ መጣችና «አጎታቸው የአባታቸውን ንብረት ጠቅልሎ ወሰደ» ብላ አቤት አለች። እህት ሩቅያ፣ ይህን ማስታወሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ብቻ ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሁለቱ በእውነት ይጋጫሉ ወይ ነው። እናትና አባት ላይ እሺ፣ በኑዛዜ የሚያገኙት በተወሰነ ድርሻ ተተካ። ቀጥተኛው የጠቀስከው ሐዲስም ስለ ወራሽ ነው የሚናገረው። ነገር ግን አንቀጹ «ለቅርብ ዘመዶች»ም ብሏል። አጎቶቿ «አትወርስም» ካሏት እሷ ወራሽ አይደለችም ማለት ነው። ወራሽ ካልሆነች ሐዲሱ እሷን አይነካትም። በአንድ ቃል ወራሽ አይደለሽም ብሎ በሌላው የወራሽን ክልከላ መጫን አይሆንም። ጦበሪና ኢብኑ ሐዝም የያዙት ይህን ነው፤ የማይወርሱ ዘመዶች ላይ አንቀጹ አልተነካም። ኢብኑ ሐዝም እንዲያውም ሟቹ ሳይናዘዝ ከሞተ ከንብረቱ ላይ ይወጣላቸዋል ይላል።

ቀጥተኛው

ኢብኑ ሐዝም ዛሂሪ ነው፣ ከአራቱ መዝሀብ አይደለም። ኢማሙ ሻፊዒይስ?

የኡሱል_ጎረቤት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሻፊዒይ ሪሳላ ላይ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ቆይተዋል። መርሐቸው ቁርኣን በቁርኣን እንጂ በሐዲስ አይሻርም ነው። ስለዚህ «ሐዲሱ ሻረው» አይሉም። ሁለቱ አንቀጾች አብረው ሊቆሙም፣ አንዱ ሌላውን ሊሽርም ይችላሉ ይሉና ሐዲሱ የትኛው እንደሆነ አመላከተን ይላሉ። ሐነፊዮች በሰፊው የታወቀ ሐዲስ ቁርኣንን ሊሽር ይችላል ስለሚሉ ይህን ዙር መዞር አያስፈልጋቸውም።

የማይወርሱት ዘመዶች ላይ ሲደርሱ ሻፊዒይ ያመጡት ማስረጃ የዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ሐዲስ ነው። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ከነሱ በቀር ሌላ ሀብት ሳይኖረው ስድስት ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ። ነቢዩ ﷺ ሦስት ቦታ ከፍለው ሁለቱን ነፃ አደረጉ፣ አራቱን በባርነት አስቀሩ። የሻፊዒይ አካሄድ እንዲህ ነው፦ ይህ ስጦታ እንደ ኑዛዜ ታይቶ በሲሶ ጸና። ዐረብ ባሪያ አድርጎ የሚይዘው ዘመዱ ያልሆነውን ነው። ለባዕድ የተደረገ ኑዛዜ ከጸና ደግሞ ለዘመድ መናዘዝ ግዴታ ሆኖ አልቀረም። ጣውስ ግን የተቸገረ ዘመድ እያለ ለባዕድ መናዘዝ አይጸናም ባይ ነበሩ፤ ሻፊዒይ ስማቸውን ጠርተው ነው የሚመልሱላቸው።

እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ማስረጃ ለባዕድ መናዘዝ እንደሚቻል ያሳያል። ሰውዬው የተቸገረ ዘመድ ነበረው ወይ የሚለው ግን ሐዲሱ ውስጥ የለም። አንድን የቁርኣን ግዴታ በዚህ ያህል ዙር ማንሳት ለእኔ ይከብደኛል። ያም ሆኖ ብዙኃኑ ከሻፊዒይ ጋር ናቸው።

ጠበቃው_ሰይድ

እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ፣ የግብፁን ላብራራ። የ1946ቱ የኑዛዜ ሕግ ቁጥር 71 ይባላል፤ «ወሲያ ዋጂባ» የሚሉት ነው። መሠረቱ በቀራ 180 ሙሉ በሙሉ አልተሻረም የሚለው አቋም ነው። አያቱ ሳይናዘዝ ቢሞት እንኳ አባታቸው ቀድሞ የሞተ የልጅ ልጆች አባታቸው በሕይወት ቢኖር ይደርሰው የነበረውን ያህል ያገኛሉ፣ ግን ከሲሶ አይበልጥም።

በእህት ሩቅያ ጉዳይ እናስላው። ንብረቱ 900,000 ብር ነው እንበል፣ ወራሾቹም ሁለቱ አጎቶች ብቻ። በተለመደው ሚራስ እያንዳንዳቸው 450,000 ይወስዳሉ፣ የልጅ ልጆቹ ምንም። በግብፁ ግን አባቷ ቢኖር ከሦስቱ አንዱ ስለነበር 300,000 ነበር የሚደርሰው። ይህ ልክ ሲሶ ስለሆነ ሙሉው ለሩቅያና ለወንድሟ ይወጣል። ቀሪውን 600,000 አጎቶቹ እኩል ይካፈላሉ። አጎቷ አንድ ብቻ ቢሆን የአባቷ ድርሻ 450,000 ይሆን ነበር፣ ሕጉ ግን 300,000 ላይ ይቆርጠዋል።

ኡም_ሰልማ

የግብፁን ሕግ ከኢብኑ ሐዝም ጋር አንድ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ለሴቶች ፊቅህ አቀራለሁና ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ኢብኑ ሐዝም ያለው ለማይወርስ ዘመድ ሁሉ ነው፣ ወንድምም አክስትም ይገባል። ልኩንም ለተናዛዡ ነው የተወው። ሕጉ የልጅ ልጅን ብቻ ለይቶ የአባቱን ድርሻ ያህል ሰጠው። ይህ በስም ኑዛዜ ነው፣ በሥራው ግን ወደ ውርስ ይጠጋል። የተቃወሙት ኡለማእ ክርክር ቀላል አይደለም።

ደረሳው ደግሞ በቀራ 240ን ተመልከት። ባል የሞተባት ሴት አንድ ዓመት ሳትወጣ እንድትጦር ኑዛዜ ይላል። 234 ደግሞ አራት ወር ከአስር ቀን ትጠብቅ ይላል። ብዙኃኑ የኋለኛው ቁጥር በፊተኛው ተሽሯል ይላሉ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ኢብኑ ዙበይር ዑስማንን «ይህች አንቀጽ በሌላዋ ተሽራለች፣ ለምን ትጽፋታለህ?» ቢሏቸው «የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ ከውስጡ ምንም ነገር ከቦታው አላነሳም» አሏቸው። ስለዚህ የሙስሐፉ ቅደም ተከተል የአወራረዱ ቅደም ተከተል አይደለም። ነገር ግን እዚያው ቡኻሪ ላይ ሙጃሂድ ሌላ ይላሉ። አራት ወር ከአስር ቀኑ ግዴታዋ ነው፤ ዓመቱን የሚሞላው ሰባት ወር ከሃያ ሌሊት ደግሞ መብቷ ነው፣ ከፈለገች በኑዛዜው ትቀመጣለች፣ ከፈለገች ትወጣለች። አንቀጹ ራሱ «ቢወጡ በእናንተ ላይ ኃጢአት የለም» ይላልና። በሙጃሂድ ንባብ የተሻረ ነገር የለም። እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ፣ ዒዳዋን፣ የመጠበቂያ ጊዜዋን፣ ሳትጨርስ ከቤት ውጪ የተባለች ሴት አይቻለሁና።

ቀጥተኛው

በዚህ አያያዝ እኮ ምንም የተሻረ ነገር አይቀርም። ሁሉንም «ማስታረቅ ይቻላል» ካላችሁ የአቡ ሙስሊም ጎራ ገባችሁ ማለት ነው።

የኡሱል_ጎረቤት

አይ፣ ይቀራል። ሙጃደላ 12ን ውሰድ፤ ነቢዩን ﷺ በግል ከማነጋገር በፊት ምጽዋት ስጡ ይልና 13ኛው ያነሳዋል። አንፋል 65 ሃያ ታጋሾች ሁለት መቶ ያሸንፋሉ ይላል፤ 66 ደግሞ «አሁን አላህ ከእናንተ ላይ አቀለለ» ብሎ መቶ ለሁለት መቶ ያደርገዋል። አንድ ለአስር የነበረው አንድ ለሁለት ሆነ። «አሁን አቀለለ» የሚለው ቃል ራሱ ነው ሽረቱን የሚነግርህ። ሻህ ወሊዩላህ ካስቀሯቸው አምስቱ ውስጥ ሁለቱም አሉ። በነገራችን ላይ የበቀራ 180ን ሽረትም ተቀብለዋል፤ ስለዚህ እኔ እዚህ ከእሳቸውም ጋር አልስማማም።

ሩቅያ_ጅዳ

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ኡስታዝ፣ ግን ይህ ሁሉ ለእኔ አገር ቤት ይሠራል ወይ? አያቴ ሳይናዘዙ ነው የሞቱት።

ጠበቃው_ሰይድ

እህቴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የግብፁ ዓይነት ሕግ የለም፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ የሚያየው በተለመደው ሚራስ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። አዋጅ 188/1992ም ለፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ይደግማል። አንቺ ካልፈቀድሽ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 ቀድሞ የሞተ ልጅን ተወላጆቹ ይተኩታል ይላል። ዋናው ነገር እስካሁን ምን ፈርመሻል? ክፍፍሉ በሽምግልና ሲያልቅ ወረቀት ላይ ፈርማችሁ ነበር?

ሩቅያ_ጅዳ

እኔ እዚህ ስለነበርኩ አልፈረምኩም። ወንድሜ ግን የሆነ ነገር አስፈርመውታል ይላሉ፣ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር።

ቀጥተኛው

እህቴ፣ በመደበኛው ፍርድ ቤት የሸሪዓን ፍርድ ሸሽቶ መሄድ በአላህ ዘንድ ያስጠይቃል። አጎቶችሽን በሽማግሌ ለምኛቸው። ኒሳእ 8 ውርስ ሲከፋፈል የተገኙ ዘመዶችንና የቲሞችን ከሱ ስጧቸው ይላል።

ኡም_ሰልማ

ኒሳእ 8ንም እኮ ብዙዎች «መንሱኽ ነው» ብለውታል። ኢብኑ ዓባስ ግን ቡኻሪ ላይ አልተሻረችም ብለዋል። ለአጎቶቿ ይቺን አንብብላቸውና ምን እንደሚሉ ንገረን።

ጠበቃው_ሰይድ

ሩቅያ፣ የወንድምሽን ወረቀት ቅጂ አግኚና በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የልደት ማስረጃውንም ጨምሪበት።